«ራሷ ትነዳለች» ላሉት ጸሐፊ

«ክሩዝ ኮንትሮል ያላት መኪና ሁሉ ደረጃ አንድ ላይ ነች። አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ደረጃ ሁለት ተኩል ደርሰዋል። ሹፌሩ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ እጁን አሳርፎ ስልኩን ማየት ይችላል፤ አደጋ ካለ መኪናዋ ራሷ ትጮኻለች። ደረጃ ሦስት ያው ደረጃ ሁለት ነው፣ ትንሽ ተሻሽሎ። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር መኪናዋ ይበልጥ ደህና ነች። ደረጃ አራትንም ጥቂት ዓመት ከታገስን መሃል አዲስ አበባ ላይ እናየዋለን።»

ይህን የላከልኝ ደንበኛዬ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በምሠራበት ጋራዥ መኪናውን ትቶልኝ ሄዶ ነበር። ማታ በቴሌግራም ጽሑፉን ላከና ከሥሩ «ታዲያ አንተ ለምን መሪውን አትልቀቅ ትለኛለህ?» ብሎ ጨመረበት። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። የእነዚህን መኪኖች ካሜራና ራዳር ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው። ስለዚህ መልሴ ለእሱም ለጸሐፊውም ይሁን። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ግን አንዳንዱ አረፍተ ነገር የደላላ አፍ ይሸታል።

ከክሩዙ ልነሳ። ደረጃዎቹን ያወጣው ኤስኤኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ሰነዱ ጄ3016 ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ በ2021 በድጋሚ ተሻሽሏል። ከዜሮ እስከ አምስት፣ ስድስት ደረጃ አለው። ተኩል የሚባል ነገር የለበትም። ተኩሉ የመጣው ከሻጭ ነው።

የድሮው ክሩዝ ኮንትሮል አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ 80 ካሉት 80 ይሄዳል። ፊት ለፊት ሲኖትራክ ቆሞ ቢሆን አያየውም። ዓይን የለውማ። መንገዱ ላይ ለሚሆነው ነገር ምንም መልስ ስለማይሰጥ፣ በሰነዱ አነጋገር ገና ዜሮ ላይ ነው። አንደኛ ክፍል እንኳን አልገባም ማለት ነው። ደረጃ አንድ የሚጀምረው መኪናዋ ከፊቷ ያለውን አይታ ፍጥነቷን ስትቀንስና ስትጨምር ነው። ወይም ደግሞ መሪውን ይዛ ረድፏን ስትጠብቅ። ከሁለቱ አንዱን ከሠራች ደረጃ አንድ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከሠራች ደረጃ ሁለት።

የእርስዎ መኪና የትኛው እንዳላት ለማወቅ መሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች ይዩ። አንዲት ትንሽ መኪና፣ ከኋላዋ ሁለት ሦስት ሰረዝ የተሰመረበት ምልክት ካለ፣ ያ ከፊት ካለው መኪና የሚጠበቀውን ርቀት መምረጫ ነው። የሚያየው ክሩዝ አለዎት ማለት ነው። የፍጥነት መለኪያ ሥዕል ብቻ ከሆነ ግን ዓይነ ስውሩ ነው። ይህን ሳይለዩ ከአዳማ መንገድ የተመለሱና «ለምን አልቆመችም?» ብለው የመጡ ሰዎች ገጥመውኛል። አልቆመችም፣ ምክንያቱም እንድትቆም የሚያደርጋት ነገር አልተገጠመላትም።

ሌላም ነገር አለ። ደረጃው የመኪናዋ መለያ አይደለም። ያን ሰዓት የበራው አገልግሎት ደረጃ ነው። አንዷ መኪና ጠዋት ከጋራዥ ስትወጣ ዜሮ ነች። ፈጣን መንገድ ላይ ሁለቱንም ሲያበሩላት ሁለት ትሆናለች። ፍሬን ሲነኩ ክሩዙ ይለቃል፣ ተመልሳ ትወርዳለች። ስለዚህ «የኔ መኪና ደረጃ ሁለት ነች» የሚለው ራሱ ጎደሎ አነጋገር ነው። መቼና የት ስትሄድ?

ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ፣ ስለ ደህንነት የተባለውን እዚሁ ልመልስ። ሰው ድንገት ሲገባ በራሱ የሚይዘው የአደጋ ጊዜ ፍሬን አለ አይደል? እሱ በሰነዱ ዜሮ ላይ ነው የተቀመጠው። ምክንያቱም ለአፍታ ብቻ ጣልቃ ገብቶ ይወጣል እንጂ መንዳቱን አይቀጥልበትም። መሃል ከተማ ላይ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን እሱን ነው የምመርጠው። መሪ የሚይዘውን ደረጃ ሁለት ለፈለገ ሰው እለቅለታለሁ። ቁጥሩ የሚናገረው ሥራው በመኪናዋና በሰውየው መካከል እንዴት እንደተከፈለ ነው። ክፍፍሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይናገርም። ሹፌሩ ሥራው ያለቀ መስሎት የተዘናጋባት ደረጃ ሁለት፣ ሹፌሩ ነቅቶ ከሚነዳት ዜሮ የባሰች ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ጽሑፉን ሳነብ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ደረጃ ሁለት ላይ መኪናዋ መሪም ፍሬንም ትይዛለች። መንገዱን የማየት ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ የሹፌሩ ነው። ግማሹ እንኳን የእሷ አይደለም። እጅዎ ያርፍ ይሆናል፤ ዓይንዎ ግን ሥራ ላይ ነው። መኪናዋ ያላየችውን ነገር ልታስጠነቅቅዎት አትችልም። ለምን ቢሉ፣ አላየችውማ።

አንድ ነገር አብረን እናስላ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ እየሄዱ ነው። ክሩዙን 50 ላይ አድርገውታል። ከፊትዎ አንዲት ቪትዝ አለች። መኪናዎ 25 ሜትር ያህል ርቀት ጠብቃ ትከተላታለች። ቪትዟ ፊት አንድ ሚኒባስ ቀኝ ረድፍ ላይ ቆሞ ሰው ይጭናል። ወያላው በሩን ይዞ «ቦሌ! ቦሌ!» ይላል። እርስዎ ይህን አያዩም፣ ቪትዟ ጋርዳዎታለች። ከቪትዟ ኋላ እስከ ሚኒባሱ 10 ሜትር ሲቀር የቪትዟ ሹፌር መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ያልፋል። ፍሬቻ? አዲስ አበባ ነን። በዚያች ቅጽበት ከፊትዎ የቀረው 35 ሜትርና የቆመ ሚኒባስ ነው።

50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ነው። መንገዱን እያየ የነበረ ሰው አንድ ሰከንድ ገደማ ቆይቶ እግሩ ፍሬን ላይ ይደርሳል። 14 ሜትር ሄደ። ደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ ከያዘ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 28 ነው። 7 ሜትር ይተርፈዋል። ወያላው ሰድቦት ያልፋል፣ በቃ።

ስልክ ላይ የነበረው ሰው ደግሞ ቀና ብሎ «ምንድነው ይሄ?» እስኪል አንድ ሰከንድ ተኩል ይጨምራል። 21 ሜትር ነው። በዚያ ላይ የተለመደው 14 ሲታከል 35 ሆነ። እግሩ ፍሬኑን በሚነካበት ቅጽበት ኮፈኑ የሚኒባሱ ኋላ በር ላይ ደርሷል። ፍጥነቱም አልቀነሰም፣ ያው 50 ነው።

«መኪናዋስ አታይም ወይ?» ይሉኛል። አንዳንዴ ታያለች። ችግሩ እዚች «አንዳንዴ» ላይ ነው። ራዳር የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ጎበዝ ነው። የቆመ ነገር ሲሆን ግን ከመንገድ ምልክት፣ ከድልድይ፣ ከማንሆል ክዳን የሚመለሰው ሞገድም የቆመ ነገር ሞገድ ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬን ብትይዝ መንገድ ላይ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሲስተሞች የቆመ ነገርን ችላ እንዲሉ ነው የተሠሩት፣ በተለይ ከፊት የነበረው መኪና ድንገት ሲወጣ። አዲሶቹ በካሜራ ታግዘው የተሻለ ያያሉ። ቢያዩም ክሩዙ ሲይዝ ለስላሳ ነው፤ ሰው ደንግጦ እንደሚረግጠው አይረግጥም። ጠንከር ብሎ የሚይዘው ያ «ዜሮ» ያልነው የአደጋ ፍሬን ነው። እሱም ከመድረሱ በፊት እንደሚያቆም ማንም አምራች ቃል አይገባም። መኪናው ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ያንብቡት። የቆመ መኪና፣ የሚያቋርጥ እግረኛ፣ ድንገት የሚገባ ሞተር፤ አንድ በአንድ «ላይታወቅ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ችግሩ መጽሐፉ በቻይንኛ ነው።

በነገራችን ላይ ጩኸቱም በቻይንኛ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚያቃጥሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ሴትዮዋ በጥሩ ድምፅ አንድ ነገር ትናገራለች። ሹፌሩ ቀበቶ እሰር ያለችው ይመስለዋል። እሷ ግን መሪውን ያዝ እያለችው ነው።

ጩኸት ቢሰማም በቂ ጊዜ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2025 ማታ ቻይና ውስጥ፣ አንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ አንዲት የሻኦሚ ኤስዩ7 መኪና ፈጣን መንገድ ላይ በደረጃ ሁለት በ116 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። መንገዱ ለጥገና ተዘግቶ መኪኖች በሌላ ረድፍ እንዲያልፉ ተደርጓል። መኪናዋ መሰናክል አለ ብላ አስጠነቀቀች፣ ፍጥነትም መቀነስ ጀመረች። በሚቀጥለው ሰከንድ ሹፌሯ መሪውን ያዘች። ኩባንያው ባወጣው መረጃ መሠረት ከማስጠንቀቂያው እስከ ግጭቱ የነበረው ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ነው። ከግጭቱ በፊት የተመዘገበው ፍጥነት 97 ነበር። የኮንክሪት አጥሩን መታች። ሦስት ወጣት ሴቶች ሞቱ። መኪናዋ ጮኻለች። ሹፌሯም አልተኛችም፣ ወዲያው ይዛለች። ግን መንገዱን ከመጀመሪያው ስታይ የነበረች ሰው የምታገኘውን ጊዜ አላገኘችም። በሚቀጥለው ወር የቻይና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አምራቾችን ሰብስቦ «ራሷ ትነዳለች» የሚያሰኙ የተጋነኑ ቃላትን ከማስታወቂያ እንዲያወጡ አዘዘ። እዚያ የተከለከለው ቃል እዚህ በደላላ አፍ እንደልቡ ይሄዳል።

ከጩኸቱ የሚከፋው ደግሞ ዝምታው ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ የመሪ ምልክት አለች። አረንጓዴ ስትሆን መኪናዋ መሪውን ይዛለች። ግራጫ ስትሆን ለቃለች። ካሜራዋ የረድፍ መስመር ሲጠፋባት ትለቃለች። ክሩዙ ግን አይለቅም! ፍጥነቱን እንደያዘ ይቀጥላል። ማለትም እርስዎ ሳያውቁ ከደረጃ ሁለት ወደ ደረጃ አንድ ወርደዋል፤ መኪናዋ እየሄደች ነው፣ መሪውን የያዘው ግን ማንም የለም። አንዳንዷ ቲንግ የምትል ድምፅ ታሰማለች፣ አንዳንዷ እሷንም አታሰማም። የኮሪደር ልማቱ የነካቸው መንገዶች ላይ ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ካሜራዋ ደስ ብሏት ትይዛለች። ከዚያ ወጣ ስትል፣ ወይም አሮጌው መስመር ሳይጠፋ አዲስ የተቀባበት ቦታ ስትደርስ፣ የቱን እንደምትከተል ግራ ይገባታል። ዝናብ ጥሎ ማታ መብራት አስፋልቱ ላይ ሲያንጸባርቅማ ተዉት።

እግረ መንገዴን ሁለት የጋራዥ ጉዳይ ልናገር። ካሜራው የፊት መስታወቱ ላይ፣ ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ ነው። መስታወት ተሰብሮ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መለካት አለበት። ትንሽ ከተዛነፈ ርቆ ያለውን ረድፍ በሜትር ይስታል። የራሴንም መኪና መስታወት አንድ ቦታ አስቀይሬ ነበር፤ «አለቀ፣ ውሰዳት» ብለው ሰጡኝ። መሪው ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኛው መንገድ ይጎትተኝ ጀመር። ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔ ለሁለት ቀን ጎማ ማመጣጠን ነው ብዬ ሳባክን ቆየሁ። ራዳሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ፓራውልት ኋላ ወይም ከአርማው ኋላ ነው። ባጃጅ ነካ ሲያደርገው ስቱኮ ይሞላበትና ይቀባል። ሲያዩት አዲስ ነው። ራዳሩ ግን በዚያ ውፍረት ውስጥ እንደ ድሮው አያይም። ያገለገለ መኪና ሲገዙ እዚያ ቦታ ላይ ማግኔት አይሠራም፣ ፕላስቲክ ነውና፤ በጣት አንኳኩተው ድምፁን ከሌላው ጎን ጋር ያነጻጽሩ።

ወደ ደረጃ ሦስት ልሂድ። በወረቀት ላይ በሁለትና በሦስት መካከል ያለችው ልዩነት አንድ ቁጥር ነች። በሥራው ላይ ግን ከሁሉም ደረጃዎች መካከል ትልቁ አጥር እዚህ ነው የቆመው። እስከ ሁለት ድረስ መንገዱን የሚያየው ሰውየው ነው። ከሦስት ጀምሮ መኪናዋ ነች። ደረጃ ሦስት በርቶ እያለ ሹፌሩ በእውነት ፊልም ማየት ይፈቀድለታል። የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ «ተረከበኝ» ስትለው መረከብ። ስለዚህ መተኛት አይችልም። ወንበሩን ለጥጦ፣ ወደ ኋላ ወንበር ተሻግሮ መቀመጥም አይችልም። ካሜራ ፊቱን ያየዋል።

ትልቁ ጥያቄ ስንት ሰከንድ ይሰጠዋል የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለዚህ ያወጣው ደንብ ቁጥር 157 ይባላል። ከጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። መኪናዋ ተረከበኝ ካለች በኋላ ሰውየው ካልመለሰ፣ ራሷ መቆም ከመጀመሯ በፊት ቢያንስ 10 ሰከንድ ትጠብቃለች። ደንቡ ሲጀምር የፈቀደው ፍጥነት 60 ነበር። በ60 ላይ 10 ሰከንድ ማለት 167 ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ርቀት መኪናዋ ለብቻዋ በኃላፊነት መንዳት አለባት፣ ሰውየው ከፊልሙ እስኪመለስ። አሁን የቻይናዋን መኪና ያስታውሱ። 2 እስከ 4 ሰከንድ ነበር ያልነው። እሷ ደንቡን ጥሳ አይደለም፤ ደረጃ ሁለት ስለሆነች 10 ሰከንድ የመስጠት ግዴታ አልነበረባትም። «ትንሽ ተሻሽሎ» የተባለው ይህ ነው።

ይህን 10 ሰከንድ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚከብድ ከሠሩት ሰዎች ማየት ይቻላል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2021 ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያዋን ደረጃ ሦስት ሌጀንድ ሲያወጣ ያዘጋጀው 100 መኪና ብቻ ነበር፤ እሱም በኪራይ። የምትሠራውም መንገድ ሲጨናነቅ ነው። መርሴዲስ በሚቀጥለው ዓመት ጀርመን ውስጥ ድራይቭ ፓይለት ብሎ መሸጥ ጀመረ። ጀርመን ላይ መኪና በ200 በሚበርበት አውራ ጎዳና፣ እሷ የምትሠራው እስከ 60 ድረስ ነበር። በቀን ብርሃን፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ከፊት የምትከተለው መኪና ሲኖር። ዋሻ ወይም የመንገድ ሥራ ካለ «ተረከበኝ» ትላለች። መልስ ካጣች አራቱንም ፍሬቻ አብርታ ረድፏ ላይ ቀስ ብላ ትቆማለች። መርሴዲስ ሰነፍ ሆኖ አይደለም እንዲህ የጠበበው።

ደንቡ ስለ መንገዱም ይናገራል። እግረኛና ብስክሌት የማይገባበት፣ የሚመጣውና የሚሄደው በአጥር የተለየበት መንገድ መሆን አለበት። እስቲ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ እንፈልግ። ቦሌ መንገድ አካፋይ አለው፣ እግረኛ ግን ሞልቶታል። ቸርችል ጎዳናም እንዲሁ። ከለገሃር እስከ ፒያሳ ዜብራው ላይ ሳይሆን ከዜብራው አጠገብ ስንት ሰው እንደሚሻገር ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ለመልኩ ይጠጋል። እሱ ግን ከከተማ ውጪ ነው፣ ጽሑፉም ስለ መስቀል አደባባይ ነው ያወራው።

ደረጃ አራት ላይ ሰውየውን ከመጠበቅ ታልፏል። መኪናዋ ስትቸገር የምትጠራው ሹፌር ስለሌለ፣ ራሷ ደህና ቦታ ፈልጋ ትቆማለች። ተሳፋሪው ሊተኛ ይችላል። ከደረጃ አምስት የምትለየው የተወሰነ ክልል ስላላት ነው፤ አምስት ማለት ሰው የሚነዳበት ቦታ ሁሉ የምትነዳ ሲሆን፣ እንዲህ ያለች መኪና ዛሬ የትም የለችም። አራት ግን አለች። ዌይሞ የሚባለው ኩባንያ ከጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሪዞና ውስጥ፣ ፊኒክስ አጠገብ፣ ሹፌር በሌላት መኪና ማንኛውንም ሰው ያሳፍራል። ጸሐፊው ያዩት ቪዲዮ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቪዲዮው እውነት ነው። መንገዱ ግን ሰፊ፣ ደረቅ፣ አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ የተነሳ ነው። ክልሉን አንድ ጎዳና ካለፈች አትሄድም።

«ደህና ቦታ ፈልጋ ትቆማለች» የሚለው ቀላል ይመስላል። ከባዱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ክሩዝ የሚባለው ኩባንያ (ከክሩዝ ኮንትሮሉ ጋር ዝምድና የለውም) ሹፌር አልባ መኪና ላይ የደረሰውን እንይ። ሰው የሚነዳው ሌላ መኪና አንዲት እግረኛ መትቶ ወደ ሹፌር አልባዋ መንገድ ወረወራት። መኪናዋ ፍሬን ያዘች፣ ግን ሴትዮዋን መታቻት፤ ሴትዮዋም ከመኪናዋ ሥር ገባች። ከዚያ በተማረችው መሠረት ከመንገድ ወደ ዳር ለመውጣት ተንቀሳቀሰች። ሴትዮዋን 6 ሜትር ያህል ጎተተቻት። ማንኛውም የሚኒባስ ሹፌር ቢሆን ወርዶ ያይ ነበር። መኪናዋ ግን ሰው ከሥሯ እንዳለ አልገባትም፤ ደንቡን ነው የፈጸመችው። በዚያው ወር የካሊፎርኒያ ባለሥልጣን ፈቃዱን አገደ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ የሹፌር አልባ ታክሲውን ሥራ ገንዘብ መስጠት አቆመ።

አሁን ያቺን መኪና ሜክሲኮ አደባባይ እናምጣት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ግን እጁን ዘርግቶ ያስቆማል፤ መታዘዝ ያለበት እጁ ነው። ከዚያ ወደ አንዱ ሹፌር ጣቱን ቀስሮ «አንተ ና» ይላል። ለማን ነው ያለው? ሁላችንም እናውቃለን፤ በዓይኑ ነው የምንለየው። እንግዳ አልፎ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ካርታው ላይ ያለው መንገድ ለሰዓት ይጠፋል። መኪናዋ እዚህ «ደህና ቦታ» ፈልጋ ዳር ልቁም ብትል፣ ዳሩ የሚኒባሶቹ ነው። ጥቂት ዓመት የሚለውን ግምት ያመጡት ከየት እንደሆነ ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ደንበኛዬ ይህን ሁሉ በቴሌግራም ስጽፍለት «አመንኩህ» አላለም። ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ሊወስድ መጣ። እስቲ እንሞክረው አልኩት። እሱ ነዳ፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ዳሽቦርዱን ብቻ አያለሁ። ከሜክሲኮ በስታዲየም አድርገን መስቀል አደባባይን ዞረን ቦሌ ወጣን። ያቺ አረንጓዴ መሪ ግራጫ ስትሆን እኔ ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ እሰምራለሁ። እሱ ደግሞ ባየ ቁጥር «ለቀቀች» እንዲል ተስማማን። ስልክ አልያዘም፤ ሬዲዮም ዘግቷል፤ እየተፈተነ እንደሆነ ያውቃል።

ወረቀቱ ላይ ስምንት ሰረዝ ነበር። እሱ «ለቀቀች» ያለው ሦስት ጊዜ ነው።